የቢሮ ኢሜይል፦ የትኛው ይቀመጥ፣ የትኛው ይጥፋ፣ ለስንት ዓመት?

የጂሜይል ነፃ አካውንት የሚይዘው 15 ጊጋባይት ነው፤ ያም ለኢሜይሉ፣ ለድራይቩና ለፎቶው በጋራ የተሰጠ ነው። ሲሞላ አዲስ ኢሜይል መግባት ያቆማል፤ የላከው ሰው መልእክቱ ተመልሶበት ስልክ ይደውላል። በዚያ ቀን በብዙ ትንንሽ ቢሮዎች የሚደረገው ተመሳሳይ ነው፦ አንድ ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጥና ከቆየው ጀምሮ በጅምላ ያጠፋል። ከዚህ የባሰ አመራረጥ የለም። የታክስ ኦዲተርም ሆነ ፍርድ ቤት የሚጠይቀው የትናንቱን ሳይሆን የዛሬ ሦስትና አራት ዓመቱን ነውና። ሌላው ቢሮ ደግሞ ጨርሶ አያጠፋም። እዚያ ማስታወቂያው ውሉን ውጦት ይቀራል፤ ሥራ ፈልገው ያመለከቱ ሰዎች የመታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ቅጂም ማንም ሳይፈልገው ለዓመታት ይከማቻል።

ይህ መመሪያ ጥቂት ሠራተኞች ላሏቸው፣ የራሳቸው የኮምፒውተር ባለሙያ ለሌላቸው ቢሮዎች የተዘጋጀ ነው። ለምሳሌ የወሰድኩት ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ ቢሮን ነው፤ የደብዳቤው ዓይነት ብዙ ስለሆነና ባንኩም፣ ጉምሩኩም፣ ገቢዎችም ስለሚጠይቁት፣ ለእሱ የሚበቃ አሠራር ለሌላውም ይበቃል። አዝራሮቹና ትእዛዞቹ የጂሜይል ናቸው።

የሚያስፈልግዎ ኮምፒውተር፣ የአካውንቱ የይለፍ ቃል፣ አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ እና የሂሳብ ሠራተኛዎ ከጎንዎ የሚቀመጥበት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። በስልክ አይጀምሩት። በስልክ ላይ ጣት አንሸራቶ ማለፍ እንደ ስልኩ አቀማመጥ አንዱን መልእክት ወደ ማኅደር፣ አንዱን ወደ ቆሻሻ ሊልከው ይችላል፤ የቱን እንዳደረገ ሳያስተውሉ ያልፋሉ።

1. ኢሜይሉ በቢሮው እጅ መሆኑን ያረጋግጡ

ከሁሉ በፊት የቢሮው ደብዳቤ የሚገባው የት እንደሆነ ይጠይቁ። በትንሽ ቢሮ ብዙ ጊዜ መልሱ «በግዢ ሠራተኛዋ የግል ጂሜይል» ወይም «ሥራ አስኪያጁ ስልክ ላይ» የሚል ነው። ሠራተኛዋ ሥራ ስትለቅ የአቅራቢዎች ደብዳቤ ሁሉ አብሯት ይሄዳል፤ የእሷ የግል አካውንት ስለሆነም ክፈቺ ብሎ ማስገደድ አይቻልም። ስለዚህ የቢሮ አድራሻ ይክፈቱ፤ የመልሶ ማግኛ ስልኩና ኢሜይሉ የባለቤቱ ወይም የሥራ አስኪያጁ ይሁን። በግል አካውንት ላይ ያለውን የቆየ የሥራ ደብዳቤ ሠራተኛዋ ገና በሥራ ላይ እያለች ወደ ቢሮው አድራሻ ታስተላልፍ።

በራሱ ዶሜይን ኢሜይል የሚጠቀም ቢሮ አንድ ተጨማሪ ነገር ይመልከት። ደብዳቤው በፖፕ አሠራር ወደ አውትሉክ የሚወርድ ከሆነና `Leave a copy of messages on the server` የሚለው ካልተመረጠ፣ ያለው ቅጂ በዚያ አንድ ኮምፒውተር ላይ ያለው ብቻ ነው። የዚያ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ሲበላሽ ደብዳቤው አብሮ ያልቃል። ይህን ሳያስተካክሉ ስለ ዓመታት ማውራት ትርጉም የለውም።

2. እያንዳንዱን ኢሜይል በሦስት ጥያቄ ይመዝኑ

መለያው ላኪው ትልቅ ሰው መሆኑ ወይም መልእክቱ ረጅም መሆኑ አይደለም። ኢሜይሉ ምን እንደሚመሰክር ይጠይቁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ይህ ኢሜይል ገንዘብ መክፈልን፣ መቀበልን፣ ግዴታ መግባትን ወይም መብት ማግኘትን ያስረዳል? ዋጋ ተስማምተናል፣ ዕቃው ጎድሏል፣ ቀኑ ይራዘምልን፣ ቅሬታችሁን ተቀብለናል የሚሉት ሁሉ እዚህ ይገባሉ። መልሱ «አዎ» ከሆነ አይጠፋም።

ሁለተኛው፦ ይኸው ነገር ሌላ ቦታ በተሟላ ሁኔታ ይገኛል? ማኅተም ያለበት ኢንቮይስ በሂሳብ ፋይል ውስጥ ካለ የኢሜይሉ አባሪ ቅጂ ነው። በኢሜይል ብቻ የተባለ ነገር ግን ሌላ ምስክር የለውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ባለ ብዙ ገጹን ፒዲኤፍ ጠብቆ ባለሁለት መስመሩን መልስ ያጠፋል። ሊተካ የማይችለው ሁለት መስመሩ ነው።

ሦስተኛው፦ ጉዳዩ ተዘግቷል? ካልተዘጋ ኢንቦክስ ውስጥ ይቆይ። ኢንቦክስ ማለት ሥራ የሚጠብቅ ደብዳቤ ያለበት ቦታ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም አይስጡት። ሥራው ያለቀ ግን ማስረጃ የሆነ ወደ ማኅደር ይሂድ፤ ሁለቱንም ያልሆነ ይጥፋ።

በጂሜይል `Archive` ሲሉ ኢሜይሉ ከኢንቦክስ ይወጣል እንጂ አይጠፋም፤ `All Mail` ውስጥ ይኖራል፣ በፍለጋም ይገኛል፣ አዲስ መልስ ሲመጣም ተመልሶ ኢንቦክስ ውስጥ ይታያል። ቦታ ግን አያስለቅቅም፤ 15 ጊጋባይቱ ሲሞላ ማኅደር ውስጥ መክተት አያድንም። `Delete` ሲሉ ወደ `Trash` ይሄድና በዚያ 30 ቀን ቆይቶ ለዘለቄታው ይጠፋል። ስፓም ውስጥ የገባም እንዲሁ በ30 ቀኑ ይጠፋል፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ ስፓሙን የሚያይ ሰው ይመድቡ። አዲስ አቅራቢ የላከው ፕሮፎርማ እዚያ ወድቆ ሳይታይ ሊጠፋ ይችላል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ጂሜይል አንድ ርዕስ ያላቸውን መልእክቶች እንደ አንድ ሰንሰለት ያሳያል። ከዝርዝሩ ላይ መርጠው ሲያጠፉ የሚጠፋው ሰንሰለቱ በሙሉ ነው። «እናመሰግናለን» የሚለውን የመጨረሻ መልስ ብቻ ያጠፉ መስሎዎት ከሥሩ ያለውን የዋጋ ስምምነት አብረው ያጠፋሉ። አንዱን ብቻ ማጥፋት ከፈለጉ ሰንሰለቱን ከፍተው፣ በዚያ መልእክት ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነው ያጥፉት። የእኔ ምክር ግን ከንግድ ሰንሰለት ውስጥ አንድ አንድ እየለቀሙ እንዳያጠፉ ነው። የሚቆጥቡት ቦታ ኢምንት ነው፤ የተቆራረጠ ሰንሰለት ደግሞ ለክርክር አይመችም።

3. ዕድሜውን ይወስኑ

«ለስንት ዓመት?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከሕጉ ይነሳል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1845 መሠረት ሌላ ጊዜ ካልተወሰነ በቀር ከውል የሚነሳ ጥያቄ በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ይህ ማለት ሻጭዎም ሆነ ገዢዎ እስከ 10 ዓመት ድረስ ሊከስዎ ይችላል፤ እርስዎም እንዲሁ። የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ደግሞ ታክስ ከፋዩ ሰነዱን በንግድ ሕጉ ለተወሰነው ጊዜ ወይም የታክስ ማስታወቂያው ከቀረበ በኋላ ለ5 ዓመት፣ ከሁለቱ ለረዘመው፣ እንዲያቆይ ያዛል። ለትንሽ ቢሮ ሁለት ሦስት ዓይነት ቆጠራ መያዝ አድካሚ ነው፤ ገንዘብና ውል የነካውን ሁሉ 10 ዓመት ያድርጉት። አምስት ዓመት ይበቃኛል የሚል ሰው ታክሱን አስቦ ውሉን ረስቷል።

ከ10 ዓመት የሚያልፍም አለ። የድርጅቱ መመሥረቻ፣ የንግድ ምዝገባ፣ የንግድ ምልክት፣ የይዞታና የግንባታ ጉዳይ ላይ የተጻጻፉት ቢሮው እስካለ ድረስ ይቀመጣል። የኪራይ ውልና የዋስትና ደብዳቤ ቆጠራው የሚጀምረው ከተፈረመበት ቀን ሳይሆን ካበቃበት ነው፤ የ6 ዓመት ኪራይ ውልን የሚመለከት ኢሜይል እንግዲህ ሲደመር 16 ዓመት ይቆያል ማለት ነው።

የሠራተኛ ጉዳይ ለሁለት ይከፈላል። ደመወዝ፣ የሥራ ግብርና ጡረታ የታክስና የሂሳብ ሰነድ ስለሆኑ በ10 ዓመቱ ውስጥ ናቸው። የዕረፍት ጥያቄ፣ የሰዓት ለውጥ፣ ቃለ ጉባኤ ያልሆነ የእለት መልእክት ግን ያን ያህል አያስፈልገውም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሥራ ግንኙነት የሚነሳ ጥያቄ በመደበኛው በ1 ዓመት፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ ሠራተኛው ከለቀቀ በኋላ አንድ ዓመት ቆይቶ ክርክር ከሌለ ይህን ማጥፋት ይቻላል።

ያልተቀጠሩ አመልካቾች የላኩትን ሲቪና ማስረጃ ቅጥሩ ካለቀ በኋላ ከ6 ወር በላይ አያቆዩ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው የግል መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ በላይ ረዝሞ እንዳይቀመጥ ይጠይቃል። «አንድ ቀን ይጠቅመናል» የሚለው ሐሳብ ለዋጋ ዝርዝር ይሠራል፤ ለሰው መታወቂያ ግን አይሠራም።

የተቀረው ቀላል ነው። ያልተገዛበት የዋጋ መጠየቂያና ፕሮፎርማ አንድ ዓመት ይቆይ፤ በሚቀጥለው ግዢ ለማወዳደር ይረዳል። የስብሰባ ቀጠሮና «ደርሶኛል» ዓይነት መልስ ሦስት ወር፣ ማስታወቂያና የበዓል መልካም ምኞት ደግሞ እንደተነበበ ይጥፋ።

ይህን በአንድ ገጽ ጽፈው ሥራ አስኪያጁ ይፈርምበት። የተጻፈ ደንብ ያለው ቢሮ «ለምን አጠፋችሁት?» ሲባል የሚያሳየው ነገር አለው።

4. በበጀት ዓመት ይሰይሙ፤ ከመዝጊያው ይቁጠሩ

ብዙ ሰው ኢሜይልን በደረሰበት ቀን ይቆጥራል። አንድ ግዢ ግን ከመጠየቂያው እስከ መዝጊያው ወራት ይፈጃል፤ በመካከሉም ሰኔ 30 ያልፍና ጉዳዩ በሁለት የበጀት ዓመት ላይ ይወድቃል። በደረሰበት ቀን ከቆጠሩ የፋይሉ ግማሽ ቀድሞ ይጠፋና የቀረው ግማሽ ምን እንደሚል የማይገባ ይሆናል።

አንድ ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንመልከት። ቢሮው በግንቦት 2016 ለ40 የውሃ ፓምፖች ከሦስት የቱርክ አቅራቢዎች ዋጋ ጠየቀ እንበል። አንዱ ተመረጠና የመጨረሻውን ፕሮፎርማ ላከ፤ በሰኔ ባንክ ኤልሲ ከፈተ፤ አቅራቢው የኤልሲውን ረቂቅ አይቶ የመጫኛ ቀኑ እንዲራዘም ጠየቀ። ዕቃው በነሐሴ ተጫነ፤ የቢል ኦፍ ሌዲንጉ ረቂቅ በኢሜይል መጥቶ የተቀባዩ ስም ላይ ያለው ስህተት ታረመ። በጥቅምት 2017 ትራንዚተሩ የዲክላራሲዮኑን ቅጂ ላከ፣ ቀረጡ ተከፍሎ ዕቃው ገባ። ሲከፈት የሦስት ፓምፖች አካል ተሰንጥቆ ተገኘ። ቢሮው ፎቶ አያይዞ ጻፈ፤ አቅራቢው «ተቀብለናል፣ ሦስቱን በሚቀጥለው ጭነት ያለ ክፍያ እንተካለን» ብሎ በሁለት መስመር መለሰ። ምትኩ በየካቲት 2017 ደረሰና ጉዳዩ ተዘጋ።

አሁን እንለይ። የተሸነፉት የሁለቱ አቅራቢዎች ፕሮፎርማ በማወዳደሪያ ሰነድ ውስጥ ታትሞ ገብቶ ከሆነ የኢሜይሉ ቅጂ አንድ ዓመት ይበቃዋል። የኤልሲው ቀን እንዲራዘም የተጠየቀበት፣ የቢል ኦፍ ሌዲንጉ እርማት፣ የጉዳቱ ፎቶና የሁለት መስመሩ መልስ 10 ዓመት ይቀመጣሉ። ኢንቮይሱ፣ የዕቃ ዝርዝሩና ዲክላራሲዮኑ በወረቀት ፋይል ውስጥ አሉ፤ ቢሆንም ከሰንሰለቱ አይነጠሉም። የስብሰባ ቀጠሮና «ነገ እደውላለሁ» የሚሉት በሌላ ሰንሰለት ከሆኑ ይጥፉ። የሁለት መስመሩን መልስ ዋጋ ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ምትክ ሆነው ያለ ክፍያ የገቡት ሦስት ፓምፖች የባንክ ክፍያ የሌላቸው ለምን እንደሆነ ከጉምሩክ ወይም ከገቢዎች ሲጠየቁ የሚያሳዩት ምንድን ነው? ፎቶውና ያ መልስ ብቻ ነው።

ጉዳዩ የተዘጋው በየካቲት 2017 ስለሆነ የ2017 በጀት ዓመት ፋይል ነው፤ በግንቦት 2016 የተጻፈው የመጀመሪያ ኢሜይልም ከእሱ ጋር ይሄዳል። ቆጠራው ከሰኔ 30 ቀን 2017 ይጀምራል፤ ማጥፋት የሚቻለው ከሐምሌ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ነው።

በጂሜይል ይህን ለማድረግ ጉዳዩ ሲጀመር `ክፍት/ፓምፕ-ቱርክ` የሚል ሌብል ይፍጠሩ። ያዘነበለው መስመር ሌብሉን በ«ክፍት» ሥር ያስቀምጠዋል። ጉዳዩ ሲዘጋ የሌብሉን ስም `2017/ፓምፕ-ቱርክ` ብለው ይለውጡ፤ በውስጡ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይዛወራል። አንድ አንድ ኢሜይል ማንቀሳቀስ አያስፈልግም።

ከመዝጋትዎ በፊት የቀረ እንዳለ ይፈልጉ። ሌብሉ ከተለጠፈ በኋላ በአዲስ ርዕስ የመጡ፣ እርስዎም በአዲስ ርዕስ የላኳቸው አይካተቱምና። የገባውን ብቻ ይዞ የተላከውን መርሳት የተለመደ ነው፤ ያለ ጥያቄው መልሱ ብቻውን ምንም አያስረዳም። የአቅራቢውን አድራሻ በሁለቱም አቅጣጫ እንዲህ ይፈልጉ፦

```
{from:sales@example.com to:sales@example.com} after:2024/05/09 before:2025/03/10
```

ጂሜይል የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው። በጀት ዓመቱ ሁልጊዜ ጁላይ 8 ስለሚጀምር መላውን የ2017 በጀት ዓመት ሲፈልጉ `after:2024/07/08 before:2025/07/08` ይበሉ።

ስለ ባንክ ሂሳብ አንድ ነገር ልጨምር። አቅራቢው «የባንክ ሂሳባችን ተለውጧል» ብሎ ሲጽፍ ያንን ኢሜይል በጭራሽ አያጥፉ፤ ክፍያም በእሱ አይፈጽሙ፣ ቀድሞ በሚያውቁት ስልክ ደውለው ያረጋግጡ። አጭበርባሪ የላከው ሆኖ ሲገኝ ብዙዎች ተናድደው ያጠፉታል። ምርመራው የሚፈልገው ግን ያንኑ ኦሪጅናል ነው፤ መልእክቱ በየት በኩል እንደመጣ የሚያሳየው መረጃ በውስጡ ስላለ ወደ ሌላ ሰው ያስተላለፉት ቅጂ አይተካውም።

5. አባሪውንና ሊንኩን ለይተው ያስቀምጡ

ጂሜይል በአንድ መልእክት ከ25 ሜጋባይት በላይ አባሪ ስለማይልክ ትልቅ ፋይል የሚመጣው በሊንክ ነው። ሊንክ ሰነድ አይደለም። የማስተላለፊያ ድረ ገጾች ፋይሉን ከጥቂት ቀናት በኋላ ያጠፉታል፤ የድራይቭ ሊንክ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ይዘጋዋል። ኢሜይሉን 10 ዓመት ጠብቀው ሲከፍቱት ባዶ ገጽ ያገኛሉ። ስለዚህ በሊንክ የመጣ ፋይል በደረሰበት ቀን ይውረድና በጉዳዩ ፎልደር ይቀመጥ። በይለፍ ቃል የተቆለፈ ፒዲኤፍም የይለፍ ቃሉ በሌላ መልእክት ወይም በቴሌግራም ስለሚመጣ ከፍተው ያልተቆለፈ ቅጂ ያስቀምጡ።

አትሞ ፋይል ማድረግ ለእለት ሥራ ይረዳል፤ ኢሜይሉን ለማጥፋት ግን ምክንያት አይሆንም። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና አለው። መልእክቱ ክብደት የሚኖረው በመጣበት ቅርጽ፣ ከማን ወደ ማን፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደተላከ ከሚያሳየው መረጃ ጋር ሲቀመጥ ነው። የታተመ ወረቀት ላይ ያለው የላኪ ስም ማንም ሊጽፈው የሚችል ፊደል ነው። በጣም አስፈላጊ የሆነን አንድ መልእክት ለይተው ማስቀመጥ ሲፈልጉ ሦስቱን ነጥቦች ተጭነው `Download message` ይበሉ፤ የሚወርደው `.eml` ፋይል ያንን መረጃ ሁሉ ይዟል። የስክሪን ፎቶ ይህን አይዝም።

6. ክምሩን በፍለጋ ያጽዱ

አሁን ብቻ ወደ ማጥፋት ይሂዱ። የሚቀመጠው ሌብል ካገኘ በኋላ ያልተሰየመውን ማየት ቀላል ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ይፈልጉ፦

```
category:promotions has:nouserlabels older_than:3m
has:attachment larger:10M has:nouserlabels
has:nouserlabels older_than:1y
```

የመጀመሪያው ሌብል የሌላቸውን፣ ከሦስት ወር ያለፋቸውን ማስታወቂያዎች ያወጣል። ከማጥፋትዎ በፊት ግን የላኪዎቹን ስም በዓይንዎ ይቃኙ፤ የአቅራቢ የዋጋ ዝርዝር እዚህ ክፍል ውስጥ የሚወድቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለተኛው ቦታ የሚበሉትን ያሳያል፤ ቦታ ለማስለቀቅ ከሺህ ትንንሽ መልእክቶች ይልቅ ጥቂት ባለ ትልቅ አባሪዎች ይበልጣሉ። ሦስተኛው ቀሪው ነው፤ ይህን በጅምላ አያጥፉ፣ ገጽ በገጽ ይዩት። ሌብል ማጣቱ ዋጋ የለውም ማለት ሳይሆን ማንም አላየውም ማለት ነው።

«`noreply` ከሚል አድራሻ የመጣውን ሁሉ አጥፋ» የሚል አቋራጭ የሚመክር ሰው አይሰሙ። የባንክ ማስተላለፊያ ማረጋገጫ፣ በኢንተርኔት የቀረበ የታክስ ማስታወቂያ መቀበያ፣ የዶሜይን እድሳት ደረሰኝ፣ ሁሉም የሚመጡት ከእንዲህ ዓይነት አድራሻ ነው። ለእነዚህ ይልቁንም ፊልተር ይሥሩላቸው፦ የባንኩ አድራሻ ሲመጣ `Apply the label` እና `Never send it to Spam` የሚሉትን ይምረጡ። ከዚያ በኋላ በየእለቱ መለየት አያስፈልግዎትም።

`Trash` ውስጥ የገባውን ቶሎ ባዶ አያድርጉ። ቦታ ካላስጨነቀዎት 30 ቀኑ እስኪሞላ ይተዉት፤ የሂሳብ ሠራተኛው የወሩን መዝገብ ሲዘጋ የጎደለ ካለ የሚታወቀው በዚያ ጊዜ ነው።

7. በየሐምሌው ቅጂ ያውጡ፤ ከዚያ ያጥፉ

የበጀት ዓመቱ እንደተዘጋ፣ በሐምሌ፣ የተዘጉትን ሌብሎች ወደ ሃርድ ዲስክ ያውጡ። `takeout.google.com` ገብተው ሌላውን ምርጫ ሁሉ አንስተው ሜይልን ብቻ ይምረጡ፤ በውስጡም የዚያን ዓመት ሌብሎች ብቻ መምረጥ ይቻላል። የሚያገኙት `.mbox` የሚባል ፋይል ነው። ማውረድ ብቻውን አያረካዎ። ፋይሉን በሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ እንደ ተንደርበርድ ባለ ነፃ ፕሮግራም ከፍተው፣ አንድ የሚያውቁትን ኢሜይል ፈልገው፣ አባሪውን ከፍተው ይዩ። ይህን ያላለፈ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቆጠርም። ዲስኩን ከቢሮው ውጭ፣ በባለቤቱ ቤት ወይም በሌላ አስተማማኝ ቦታ ያኑሩት፤ ኮምፒውተሩን የወሰደ ሌባ ዲስኩንም አብሮ እንዳይወስደው።

ማጥፋት የአንድ ሰው ሥልጣን አይሁን። የሂሳብ ሠራተኛው ዕድሜያቸው ያለፈ ሌብሎችን ዘርዝሮ ያቅርብ፣ ሥራ አስኪያጁ ይፈርም፣ ከዚያ ይጥፋ። ወረቀቱ የሌብሉን ስም፣ የበጀት ዓመቱን፣ የጠፋበትን ቀንና የሁለቱን ፊርማ ብቻ ይያዝ፤ ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ቅጂም በዚያው ቀን ይጥፋ፤ ከጂሜይል አጥፍቶ በዲስክ መተው የግል መረጃውን እንዳለ ማቆየት ነው።

የዚህ ሁሉ ሥርዓት አንድ ማቆሚያ አለው። የኦዲት ማስታወቂያ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የጠበቃ ማስጠንቀቂያ ወይም ወደ ክስ የሚያመራ ቅሬታ ከደረሰዎት ማጥፋት በዚያው ሰዓት ይቁም። የሚመለከታቸው ሌብሎች ላይ «አይነካ» የሚል ስም ይጨምሩ፤ ለሠራተኞችም በጽሑፍ ያሳውቁ፤ `Trash` ውስጥ ያለውንም ይመልሱ። 10 ዓመቱ ቢያልፍም ጉዳዩ በመጨረሻ ውሳኔ እስኪዘጋ ድረስ አይጠፋም። በደንብ የተሠራ ማጥፋት ሕጋዊ ነው፤ መጥሪያው ከደረሰ በኋላ የተደረገ ማጥፋት ግን ማስረጃ መደበቅ ነው፣ የቢሮው ደንብም አያድንዎትም።